የትራንስክሪፕት ፎቶ ይዘው ውጭ አገር ለሚያመለክቱ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቀው አሁን ውጭ አገር ለማስተርስ የሚያመለክቱ ሰዎች የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ይመልሳል። አብዛኞቹ ትራንስክሪፕቱ በእጃቸው የለም፤ ያላቸው አገር ቤት ያለ ወንድም ወይም ጓደኛ በስልክ አንስቶ የላከው ፎቶ ነው። የማመልከቻው ፎርም ግን ኮርሱን በኮድ፣ ክሬዲቱን በቁጥር፣ ግሬዱን ከነስኬሉ ይጠይቃል። ምሳሌዎቹ በ2012 ዓ.ም. ከገቡት ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተሰጠው የፍሬሽማን ፕሮግራም የተወሰዱ ናቸው፤ ግሬዶቹ ግን ለማሳያ የተጻፉ ናቸው።

ፎቶውን ሰው ሲያነሳልኝ ምን ልንገረው?

መጀመሪያ ጀርባውን እንዲያነሳ ይንገሩት። ፎርሙ ላይ ሰው የሚቸገርበት ነገር ሁሉ መልሱ ያለው እዚያ ነው፤ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከፊት ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይታተማል። የግሬዲንግ ስኬሉ፣ የምልክቶቹ ፍቺ፣ አንዳንዴም የክሬዲቱ ትርጉም እዚያ ይገኛል። ጀርባውን የረሳ ሰው ፎርሙን ግማሽ ላይ አቁሞ እንደገና ፎቶ ሲጠብቅ ይከርማል።

ሁለተኛው ነገር አላላኩ ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፤ ሲያጎሉት ፊደሉ ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ቢላክ ግን እንደተነሳ ይመጣል። ልዩነቱ የሚታወቀው በግሬዱ ዓምድ ላይ ነው፤ በደበዘዘ ፎቶ ከፊደሏ ኋላ ያለችው የመቀነስ ምልክት ትጠፋና C- የነበረው C ሆኖ ይነበባል። ኮዶቹም ላይ 1 እና l፣ 0 እና O ይምታታሉ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ አራቱም ጠርዝ እየታየ ይነሳ። ፕላስቲክ ውስጥ ከሆነ ይውጣ፤ ነጸብራቁ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ማኅተሙ ላይ ነው።

የኮርስ ኮዱን እንዴት ነው የማነበው? ፎርሙ ላይስ ምን ልጻፍ?

ፎርሙ ላይ የሚጻፈው እንደታተመው ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደሉ ሳይቀር። FLEn 1012 ከሆነ እንዲሁ ይጻፉት። ማሳጠርም መተርጎምም አያስፈልግም።

ማንበቡ ግን ጥቅም አለው፤ ፎቶው ከደበዘዘ ስህተትዎን የሚይዘው እሱ ነውና። ፊደሎቹ የትምህርት ክፍሉን ወይም የትምህርቱን ዓይነት ያመለክታሉ፦ Math ሒሳብ ነው፣ Psyc ሳይኮሎጂ፣ Anth አንትሮፖሎጂ። የመጀመሪያው አኃዝ ትምህርቱ የሚሰጥበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ በ1 የሚጀምረው የፍሬሽማን፣ በ3 የሚጀምረው የሦስተኛ ዓመት ነው። በፍሬሽማን ኮርሶች የመጨረሻው አኃዝ ብዙውን ጊዜ ሴሚስተሩን ይነግራል፦ FLEn 1011 የመጀመሪያው ሴሚስተር እንግሊዝኛ ነው፣ FLEn 1012 ደግሞ ተከታዩ። ከሁለተኛ ዓመት በኋላ የመሃሎቹ አኃዞች በሞጁል ሥርዓት ውስጥ የሞጁሉን ተራ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ፤ ይህ ከትምህርት ክፍል ትምህርት ክፍል ይለያያልና በግምት አይተርጉሙት።

አንዳንድ ትራንስክሪፕት ላይ M ፊደል ያለበት ሌላ ኮድ ከኮርሶቹ በላይ ወይም ጎን ይታያል። እሱ የሞጁሉ ኮድ ነው፤ ሞጁል ማለት በጥቅል የታሰሩ ኮርሶች ናቸው። እንደ አንድ ኮርስ ቆጥረው ካስገቡት ክሬዲትዎ ሁለት ጊዜ ይደመራል። ፎርሙ ላይ ያለው ጠቅላላ ድምር ከትራንስክሪፕቱ ድምር በልጦ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

የተማሩበት ኮርስ ኮድ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ ጓደኛዎ ጋር ባይመሳሰል አይደንግጡ። ስሙ አንድ ሆኖ ኮዱ የተለያየ ኮርስ ሞልቷል።

Cr.Hr እና ECTS የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። የቱን ነው የማስገባው?

ሁለቱ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ክሬዲት አወር በመሠረቱ በሳምንት ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበትን ሰዓት ይከተላል፤ ላብራቶሪና ቱቶሪያል ሲኖር ስሌቱ ትንሽ ይለያል። ECTS ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ መለኪያ ሲሆን ንባቡን፣ የቤት ሥራውንና የፈተና ዝግጅቱን ጨምሮ ተማሪው የሚያጠፋውን ጊዜ በሙሉ ይቆጥራል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ECTS 27 ሰዓት ሆኖ ነው የሚሰላው፤ የኮርስ መግለጫዎን ካገኙ ባለ 5 ECTS ኮርስ 135 ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ያዩታል። በአውሮፓ አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ነው፣ የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርትም 60 ነው። በዚህ ስሌት የሦስት ዓመት ዲግሪ 180፣ የአራት ዓመት 240 አካባቢ ይመጣል።

ወደ አውሮፓ ለሚያመለክት ECTS፣ ወደ አሜሪካ ወይም ካናዳ ለሚያመለክት ክሬዲት አወር ይቀናዋል። ፎርሙ የትኛውን እንደሚፈልግ ካልገለጸ ሁለቱንም ይጻፉ፤ ቦታው አንድ ብቻ ከሆነ የመረጡትን ከላይ እስከ ታች አይቀይሩ። ትልቁ ጥፋት ማደባለቅ ነው፦ አንደኛ ዓመትን በአንዱ፣ ሦስተኛ ዓመትን በሌላው።

ትራንስክሪፕትዎ ላይ ክሬዲት አወር ብቻ ካለ በ1.67 አባዝተው የራስዎን ECTS አይፍጠሩ። ይህ ቁጥር የመጣው ባለ 3 ክሬዲቱ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ECTS ስለሆነ ነው። ባለ 2 ክሬዲቱ ግን አንዱ ጋ 3፣ ሌላው ጋ 4 ተብሎ ይገኛል፤ በማባዛት የሚመጣው 3.34 ደግሞ የትም አልታተመም። ገምጋሚው ወረቀቱ ላይ የሌለ ቁጥር ፎርሙ ላይ ሲያይ ከየት መጣ ማለቱ አይቀርም።

ዩኒቨርሲቲዬ ጂፒኤውን ያሰላው በየትኛው ነው? እንዴት ላረጋግጥ?

አንድ ሴሚስተር መርጠው በሁለቱም መንገድ ያስሉት። ክብደታቸው የተለያየ ኮርሶች ያሉበት ሴሚስተር መሆን አለበት፤ ሁሉም ባለ 3 ክሬዲት ከሆኑ ውጤቱ በሁለቱም አንድ ስለሚሆን አይነግርዎትም። ይህን የፍሬሽማን ሁለተኛ ሴሚስተር ይመልከቱ፤ ዓምዶቹ ኮድ፣ Cr.Hr፣ ECTS እና ግሬድ ናቸው።

```
FLEn 1012   3   5   B+
EmTe 1012   3   5   A
Entr 1012   3   5   A-
Anth 1012   2   4   B
MCiE 1012   2   4   C+
GlTr 1012   2   4   B-
```

የግሬዶቹ ነጥብ ከጀርባው ስኬል ይወሰዳል፦ B+ 3.5፣ A 4.0፣ A- 3.75፣ B 3.0፣ C+ 2.5፣ B- 2.75። መጀመሪያ በክሬዲት አወር እንሂድ። ባለ 3 ክሬዲቶቹ ሦስት ኮርሶች ነጥባቸው ሲደመር 11.25 ነው፤ በ3 ሲባዛ 33.75። ባለ 2ዎቹ ነጥባቸው 8.25 ነው፤ በ2 ሲባዛ 16.5። ጠቅላላው 50.25 ይሆናል፤ ለ15 ክሬዲት ሲካፈል 3.35።

አሁን በ ECTS። 11.25 በ5 ሲባዛ 56.25፣ 8.25 በ4 ሲባዛ 33፣ ድምሩ 89.25። ለ27 ሲካፈል 3.31 ይመጣል።

ትራንስክሪፕቱ ላይ SGPA በሚለው ቦታ 3.35 ካለ ዩኒቨርሲቲው የሚያሰላው በክሬዲት አወር ነው፣ 3.31 ካለ በ ECTS። ከሁለቱም ካልገጠመ ደግሞ ከፎቶው ላይ አንድ ግሬድ አሳስተው አንብበዋል ማለት ነው፤ ያችን የጠፋች የመቀነስ ምልክት ይፈልጉ። እንዲህ ያለውን ስሌት ለሁሉም ሴሚስተር ማድረግ አያስፈልግም፤ አንዱ ይበቃል። CGPA የሁሉም ሴሚስተር ነጥብ ድምር ለጠቅላላው ክሬዲት ተካፍሎ የሚመጣ ነው እንጂ የSGPAዎቹ አማካይ አይደለም።

ስኬሉን ፎርሙ ላይ እንዴት ላስረዳ? A+ እና A ሁለቱም 4.0 ናቸው።

ናቸው። A+ ከ4.0 የሚበልጥ ነጥብ የለውም፤ ስለዚህ «ከፍተኛው ሊገኝ የሚችል ውጤት» ለሚለው መልሱ 4.0 ነው። 4.3 ወይም 4.33 የሚል ምርጫ ቢያዩ አይንኩት፤ የሌላ አገር ስኬል ነው።

ነጥቦቹ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ ናቸው፤ ፐርሰንቱ ግን አይደለም። A በአንዱ ከ85፣ በሌላው ከ83 ይጀምራል። B ደግሞ አንዱ ጋ ከ70፣ ሌላው ጋ ከ68። ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን «የኢትዮጵያ ስኬል» ገልብጠው መጻፍ የሌለብዎት፤ የእርስዎ ስኬል የእርስዎ ወረቀት ጀርባ ላይ ያለው ነው።

ከፐርሰንት ጋር የሚመጣ ሌላም ጣጣ አለ። አንዳንድ ፎርም ለእያንዳንዱ ኮርስ ከመቶ ስንት እንዳገኙ ይጠይቃል፣ ሰውም B ካየ 72 ብሎ ይሞላል። ይህን በሁለት ምክንያት አያድርጉት። አንደኛ፣ ከመቶ ስንት እንዳመጡ ትራንስክሪፕቱ ላይ የለም፤ ፈጥረው ነው የጻፉት። ሁለተኛ፣ በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች 72 ማለት C- ነው፤ እኛ ጋ ጥሩ የሚባለውን ውጤት በገዛ እጅዎ አወረዱት ማለት ነው። ፊደሉን ይጻፉ፣ ስኬሉን በሰነድ ያያይዙ። ሳጥኑ ቁጥር ካልሆነ አልቀበልም ካለ የግሬዱን ነጥብ፣ ለምሳሌ 3.0 ከ4.0፣ ያስገቡ።

የአሜሪካ ገምጋሚ ድርጅት ጂፒኤዬን ቀንሶ መለሰው። ተሳስተዋል?

ላይሳሳቱ ይችላሉ። የእኛ ስኬል በ«ፕላስ» እና «ማይነስ» ላይ ከአሜሪካው ይለግሳል፦ እኛ ጋ B+ 3.5 ነው፣ እነሱ ጋ 3.3። C+ እኛ ጋ 2.5፣ እነሱ ጋ 2.3። ከላይ ያየነው ሴሚስተር ፊደሎቹ ሳይነኩ በአሜሪካ ነጥብ ቢሰላ 3.35 የነበረው 3.27 ይሆናል። ገምጋሚው ፊደሉን ተቀብሎ በራሱ ነጥብ ካሰላ ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ይግባኝ የሚባልበትም ነገር አይደለም። ነገር ግን ልዩነቱ ከዚህ ሰፋ ካለ፣ ለምሳሌ 3.35 ወደ 2.9 ከወረደ፣ ገምጋሚው የሌላ ዘመን ወይም የሌላ ተቋም ስኬል ተጠቅሞ እንደሆነ ጠይቁ፤ የጀርባውን ገጽም አያይዛችሁ ላኩ። በነገራችን ላይ፣ የሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ ጂፒኤዎን ሲጠይቅ የሚጻፈው ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው እንጂ ገምጋሚው ያወጣው አይደለም፣ ካልተባሉ በስተቀር።

ጀርመን ለማመልከት ጂፒኤዬ በእነሱ ውጤት ስንት ነው?

ጀርመኖች የሚጠቀሙት ቀመር የተሻሻለው የባቫርያ ቀመር ይባላል።

```
N = 1 + 3 × (Nmax − Nd) / (Nmax − Nmin)
```

Nmax ከፍተኛው ውጤት ነው፣ 4.0። Nd የእርስዎ CGPA ነው። Nmin ለማለፍ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ውጤት ነው፤ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስኬሉ ላይ D 1.0 ነጥብ ስላለው ብዙ ሰው 1.0 ያስገባል። በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ CGPA ግን 2.00 ነው፣ መግባት ያለበትም እሱ ነው።

CGPA 3.40 ያላት አመልካች አለች እንበል። ከ4.0 ላይ 3.40 ሲቀነስ 0.6፣ ለ2.0 ሲካፈል 0.3፣ በ3 ሲባዛ 0.9፣ አንድ ሲደመር 1.9። ይህ ጥሩ ውጤት ነው፤ ጀርመን አገር ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነውና። Nmin ላይ 1.0 ብታስገባ ኖሮ 1.6 ይወጣላት ነበር። ደስ ይላል፣ ግን ትክክል አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሲያሰላው 1.9 ያገኛል፣ ማመልከቻዋ ላይ የጻፈችውም ከእሱ ጋር አይገጥምም።

ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች ቢያንስ 2.5 ይላሉ። ቀመሩን ወደ ኋላ ብትመልሱት 2.5 ማለት CGPA 3.00 ነው። ከዚያ በታች ያለው ሰው 2.5 የሚጠይቁትን ትቶ ሌሎቹን ቢፈልግ ጊዜውንም የማመልከቻ ክፍያውንም ያተርፋል።

P፣ I፣ NG እና Fx የሚሉት ምንድን ናቸው?

P ያለፈበት ግን ጂፒኤ ውስጥ የማይገባ ነው፤ የፍሬሽማኑ ስፖርት፣ SpSc 1011፣ የተለመደው ምሳሌ ነው። ፎርሙ ላይ P ብለው ይጻፉ፣ ነጥብ አይስጡት። I ያልተጠናቀቀ፣ NG ግሬድ ያልተሰጠበት ነው፤ ተመርቀው ሳለ እነዚህ ከታዩ ሬጅስትራር ሳያስተካክለው የቀረ ነገር አለና ኦፊሻሉ ከመላኩ በፊት ያሳርሙት። Fx ውድቀት ነው፣ ግን በአብዛኛው ድጋሚ ፈተና የሚፈቅድ።

የተደገመ ኮርስ ካለ ሁለቱንም መስመር ያስገቡ። መደበቅ አይጠቅምም፤ ገምጋሚው ፎርሙን ይዞ ከሰነዱ ጋር መስመር በመስመር ነው የሚያየው።

ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ ልቀይር?

ፎርሙ ላይ አዎ፣ ሰነዱ ላይ በፍጹም። ብዙ ትራንስክሪፕት ዓመቱን በሁለቱም ያትማል፤ የእርስዎ የኢትዮጵያውን ብቻ ከያዘ 2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 2019/20 ነው። ሳይቀየር ከተጻፈ ፈረንጁ የሚያነበው በ2012 ዩኒቨርሲቲ እንደገቡ ነው፤ ፓስፖርትዎ ላይ ካለው የልደት ዓመት ጋር ሲያስተያየው ደግሞ በአሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመትዎ ፍሬሽማን ነበሩ።

በ2012 የገቡ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ሊመጣባቸው ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎች በመጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ተዘጉ፤ የሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርት ያለቀው ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። የአራት ዓመት ዲግሪ ለምን ከዚያ በላይ ወሰደ ተብለው ከተጠየቁ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይመልሱ፤ ትምህርት አቋርጠው እንደነበር አስመስሎ የሚያሳየው ክፍተት የመጣው ከዚያ ነው።

ፎቶው ብቻውን ይበቃኛል?

ፎርሙን ለመሙላት ይበቃል። ብዙ ተቋማት የመጀመሪያ ማጣሪያውን በተሰቀለ ኮፒ ያካሂዳሉ። እጅዎ ላይ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስቱደንት ኮፒ ነው፤ ቅበላ ካገኙ በኋላ፣ ወይም ትራንስክሪፕት ገምጋሚ ድርጅት ጣልቃ ከገባ ከጅምሩ፣ ከሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይጠየቃሉ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆኑ ኦፊሻሉ ከኮስት ሼሪንግ ጋር የተያያዘ ነው። ዕዳው ካልተጠናቀቀ እጅዎ ላይ የሚቀረው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ነው። ውጭ ሆነው ይህን የሚያስጨርሱት በወኪል ነው፤ ውክልናው ባሉበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጥና አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። በውክልናው ላይ «ትራንስክሪፕት ማውጣት» ብቻ ሳይሆን «ኮስት ሼሪንግ መክፈልና ክሊራንስ መቀበል» የሚለውም ይጻፍ፤ አለበለዚያ ወኪልዎ ገንዘቡን ይዞ ሄዶ ክሊራንሱን ሳይቀበል ይመለሳል።

ኦፊሻሉ ሲወጣ ስቱደንት ኮፒው ላይ ከነበረው አንዳች ነገር ከተለየ፣ የታረመ NG ወይም ዘግይቶ የገባ ግሬድ ሊሆን ይችላል፣ ያስገቡትን ፎርም ከፍተው ያስተካክሉ፤ ማስተካከል ካልተፈቀደ ለመግቢያ ቢሮው የኮርሱን ኮድ ጠቅሰው የትኛው ግሬድ እንደተቀየረ በአጭር ኢሜይል ያሳውቁ።